የቆርቆሮው 40 ሺህ፦ «በዚህ ወር መጨመር አልችልም» ያለች ልጅና የእናቷ ጉዳይ

ጉዳዩን ለምን መዘገብኩት

ደሴ ላይ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር ለሚሄዱ ሴቶች የቅድመ ጉዞ ሥልጠና እሰጣለሁ። ስለ ማሽንና ስለ ጽዳት ኬሚካል እናስተምራለን። ስለ ውልና ስለ መብትም እንነጋገራለን። ብር እንዴት እንደሚላክም ይነሳል። ብር መጨመር ሲያቅት ለቤት እንዴት እንደሚነገር ግን የምናስተምርበት ሰዓት አልነበረንም። ሴቶቹ ሄደው ሲደውሉልኝ አብዝተው የሚያለቅሱት ግን በዚሁ ጉዳይ ነው።

ከሠልጣኞቼ አንዷ በ2017 ዓ.ም. ረመዳን መግቢያ ላይ የገጠማትን እዚህ የጻፍኩት በእሷና በእናቷ ፈቃድ ነው። ስም አልጠራሁም፣ ቀበሌም አልጠቀስኩም። ቁጥሮቹ እነሱ የነገሩኝ ናቸው።

የቤቱ ሁኔታ

እናት የሚኖሩት ተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ፣ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ጤፍና ማሽላ የሚዘራባት ትንሽ መሬት አለቻቸው፤ የሚያርሳት ትልቁ ልጃቸው ነው። ሁለተኛው ወንድ ልጅ 10ኛ ክፍል ይማራል። እናት ማንበብና መጻፍ አይችሉም። በቤቱ ያለው አንድ ስማርት ስልክ የተማሪው ልጅ ነው።

ልጅቷ በ2015 ዓ.ም. በሕጋዊ መንገድ በሁለት ዓመት ውል ወደ ሪያድ ሄደች፤ ውሉ ሲያልቅ እዚያው ቤት እንደምትቀጥል ከአሠሪዎቿ ጋር ተነጋግራለች። ደመወዟ 1000 ሪያል ነው፤ ከገባችበት ወር ጀምሮ ያው ነው። ምግቧና ማደሪያዋ በአሠሪዎቿ ነው። በየወሩ 600 ሪያል በባንክ ለእናቷ ትልካለች። በቀረው 400 የስልክ ካርድ፣ ሳሙናና ሌላ የሚያስፈልጋትን ትገዛለች።

ይህ ሁሉ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ያለ ችግር ሄዷል። እናት ሲበቃቸውም ሳይበቃቸውም «አልሀምዱሊላህ» ብለው ይቀበላሉ። እዚያ ቤት የገባው ጣጣ ከልጅቷም ከእናትም አልመጣም። የመጣው ከምንዛሬው ነው።

ብሩ ሲበዛ ደመወዝ ያደገ መሰለ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ሪያል ለዶላር የተቆረጠ ዋጋ አለው፤ 3.75 ሪያል አንድ ዶላር ነው። ስለዚህ አንድ ሪያል 15 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር ማለት ነው። ልጅቷ 600 ሪያል ስትልክ እናት እጅ የሚገባው 9 ሺህ ብር ግድም ነበር።

በ2017 የጥር ወር ላይ ያው ሪያል 33 ብር ገደማ ደረሰ። ያችው 600 ሪያል 19,800 ብር ሆነች። ልጅቷ አንዲት ሪያል አልጨመረችም። እናት የሚያዩት ግን ከባንክ የሚወጣውን ብር ነው፤ እሱ ደግሞ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። «ልጄ ደመወዝ ተጨመረላት» ብለው ተደሰቱ። ለጎረቤትም ነገሩ። ልጅቷ ወሬው ሲደርሳት ብዙም አላሰበችበትም። እናቷ ደስ ካላቸው ይበቃል ብላ ዝም አለች።

ዘይቱም፣ ስኳሩም፣ ማዳበሪያውም ስለተወደደ፣ ያ 19,800 ብር በተግባር የሚገዛው ድሮ 9 ሺህ ብር የሚገዛውን እጥፍ አልነበረም። ይህን እናትም በገበያ ቀን ያውቁታል። ግን ኑሮ ተወደደ የሚለውና ልጄ ጨመረች የሚለው በእሳቸው ዘንድ ለየብቻ የቆሙ ነገሮች ነበሩ።

ሌላም ነገር ነበር። የአንዲት ጎረቤት ልጅም ሪያድ ናት፤ በወር 30 ሺህና ከዚያ በላይ የምትልክበት ጊዜ አለ። ያቺኛዋ ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ፣ ቤት ተከራይታ በተመላላሽ የምትሠራ ናት። እንዲህ የሚሠሩ ሴቶች ከውል ሠራተኛ የተሻለ ያገኛሉ፤ በረመዳን ደግሞ ሠራተኛ ስለሚፈለግ ክፍያው ይጨምራል። የሚከፍሉት ዋጋም አለ። አሠሪው «ጠፋች» ብሎ ካስመዘገበ የመኖሪያ ወረቀቷ ኢቃማ ዋጋ ያጣል። ሴቶቹ ሁሩብ የሚሉት ይህን ነው። ከዚያ በኋላ ፍተሻ ባለበት መንገድ መሄድ አይቻልም፣ ብትታመም ሆስፒታል መግባት ያስፈራል፣ ከተያዘች እስርና መባረር ይከተላል። ይህንን ሰፈሩ አያውቅም። ሰፈሩ የሚያውቀው 30 ሺውን ነው።

ጥያቄው

ጥር መጨረሻ ላይ እናት ከሐይቅ ነጋዴ የ40 ሺህ ብር ቆርቆሮ በዱቤ ወሰዱ። የቤቱ ጣሪያ ያፈሳል፤ ወሎ ደግሞ ክረምት ብቻ ሳይሆን በልግም ይዘንባል። ነጋዴው ቤተሰቡን ስለሚያውቅ «ለረመዳን መግቢያ ትከፍሉኛላችሁ» ብሎ ሰጠ። ረመዳን የካቲት 22 ቀን ይገባ ነበር።

እናት ለልጃቸው ያስታወቁት ቆርቆሮው ግቢ ከገባ በኋላ ነው። ተማሪው ልጅ በኢሞ የድምፅ መልእክት አስቀዳቸው፦ «ልጄ፣ ቤቱን ላለብስልሽ ነው፤ ስትመጪ በደህና ቤት እንድትገቢ። 40 ሺህ ብቻ ጨምሪልኝ።»

በዚያው ሰሞን ልጅቷ ጥርሷን ታማ እንቅልፍ አጥታ ከርማለች። አሠሪዎቿ ክሊኒክ ወሰዷት፤ የጥርስ ግን አንከፍልም አሏት። 280 ሪያል ከራሷ ከፈለች። የወሩን 600 ቀድማ ልካለች። ፓስፖርቷም በ2018 የሚያልቅ ስለሆነ ለማሳደሻው መቆጠብ ጀምራለች።

የመጀመሪያው መልእክት

ልጅቷ መጀመሪያ የላከችው ድምፅ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ኋላ እኔም ሰምቼዋለሁ። ቃሉ እንዲህ ነው፦

«እማ አሰላሙ አለይኩም። እማዬ አፉ በይኝ፣ በዚህ ወር መጨመር አልችልም። ሁኔታው ጥሩ አይደለም። ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ። ዱአ አድርጊልኝ።»

ይህን የቀዳችው ሰዎቹ ከተኙ በኋላ፣ ከእኩለ ሌሊት አልፎ፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ ነው። እንዳይሰሟት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች። ጥርሷ ስላበጠ አፏ ሙሉ አይከፈትም። በሹክሹክታ ነው የምትናገረው፤ የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ድምፁን ይመልሰዋል።

መልእክቱ የተሰማው በማግስቱ ቡና ላይ ነው። ተማሪው ልጅ ስልኩን ረከቦቱ ጠርዝ ላይ አስደግፎ ድምፁን ለቀቀው። ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ፤ ትልቁ ወንድምም ነበር። እናት እስከ መጨረሻው አልሰሙትም። «ልጄ ታስራለች! ይህ የቤት ድምፅ አይደለም!» ብለው ጮኹ።

ትልቁ ወንድም ደግሞ ያንኑ ድምፅ ሰምቶ ሌላ ነገር ደመደመ። «ሁኔታው ጥሩ አይደለም» ማለት ምን ማለት ነው? ደመወዝ ተጨምሮላት፣ ስጦታ በሚሰጥበት ወር፣ ብር የምትደብቅበት ጉዳይ አላት ማለት ነው አለ። ከጎረቤቶቹ አንዷ «ምናልባት እዚያው አግብታ ይሆናል» የሚል ጨመረችበት።

በዚያ ቀን ማታ ወንድም ደወለ። ሰላምታ እንኳ አልቀደመም፤ «የነ እገሌ ልጅ 30 ሺህ ትልካለች፣ አንቺ ምን ሆነሽ ነው?» አላት። እሷም አልቅሳ ዘጋችው።

ወደ እኔ የደወለችው ከዚያ በኋላ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ የቆርቆሮው ዕዳ አልነበረም። «እትዬ፣ ለረመዳን ወጥቼ ብሠራ በአንድ ወር እዘጋዋለሁ። አንዲት ልጅ ክፍል አለኝ ብላኛለች» አለችኝ። ማለትም ከአሠሪዎቿ ልትጠፋ ነው። ለአንድ ጣሪያ ስትል ሁለት ዓመት የጠበቀችውን ኢቃማ ልትጥል ነው። ብር ጨምሪ የሚለው ግፊት ሴቶቹን ወዴት እንደሚገፋቸው ከዚህ ወዲህ ማስረጃ አልፈልግም።

ምን ተደረገ

መጀመሪያ ያደረግነው ሒሳቡን በሪያል ማስቀመጥ ነው። ወረቀት ላይ ጻፈችና ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የገባ 1000። ለቤት 600፣ ለጥርስ 280፣ ለካርድና ለሳሙና 70። የቀራት 50 ሪያል ነው፤ እሱም ለፓስፖርቱ።

ከዚያ ጥያቄውን ወደ ሪያል መለስነው። 40 ሺህ ብር በ33 ሲካፈል 1,212 ሪያል ይመጣል። ደመወዟ 1000 ነው። እንግዲህ እናት ሳያውቁት የጠየቁት ከልጃቸው የአንድ ወር ደመወዝ በላይ ነው። ልጅቷ ይህን ስታይ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጥፋቱ የእሷ መስሏት ነበር፤ የበለጠ ብትቆጥብ ኖሮ የሚሞላ መስሏት ነበር። ስለ መጥፋት ማውራቷንም ያቆመችው ከዚህ በኋላ ነው፤ የመከርኳት ምክር ብቻውን እንዳላቆማት እርግጠኛ ነኝ።

ቀጥሎ ማን እንደሚሰማው ተነጋገርን። ለእናት የሚሆነው ድምፅ ነው፤ ግን ቡና ላይ መሰማት የለበትም። ለወንድም የሚሆነው ጽሑፍ ነው፤ ቁጥር በድምፅ ሲነገር ይረሳል፣ ይጣመማልም። ስለዚህ ለተማሪው ልጅ ቀድማ ጻፈችለት፦ «ነገ ድምፅ እልካለሁ። ለእማ ለብቻዋ፣ ጓዳ ገብታችሁ አሰማት። እስክትጨርስ ስልኩን አታንሳ።» ልጁ 16 ዓመቱ ነው። እንዲህ ያለ አደራ ሲሰጠው ቁም ነገር አድርጎ ያዘው።

መቅጃ ቦታውንም ቀየርነው። ልብስ ለማስጣት ጣሪያ ላይ የምትወጣበት ሰዓት አለ፤ ከአስር ሰዓት በኋላ። እዚያ በሙሉ ድምፅዋ መናገር ትችላለች። ነፋሱ ትንሽ ይረብሻል፤ ቢሆንም ከሹክሹክታው ይሻላል።

በሐይቅ በኩል ደግሞ ተማሪው አንድ አናጢ ጠርቶ ጣሪያውን እንዲያይ አደረገ። ይህን ሐሳብ ያመጣችው ልጅቷ ናት። «ቤቱ በሙሉ ያፈሳል ወይስ የተወሰነው?» ብላ ስትጠይቅ ማንም መልስ አልነበረውም። አናጢው ወጥቶ አየና ያረጀውና ሚስማሩ የላላው አንዱ ወገን ብቻ ነው አለ። ሌላው ወገን ሚስማሩ ከተጠበቀና ቀዳዳው ከተደፈነ ለተወሰነ ጊዜ ያቆያል። ለአንዱ ወገን የሚያስፈልገው ቆርቆሮ የ15 ሺህ ብር ብቻ ነው።

ሁለተኛው መልእክት

ለእናት የተላከው ድምፅ ይህ ነው። ከሰላምታው መርዘም በቀር የቀየርኩት የለም።

«እማ፣ አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ነሽ እማዬ? እኔ ደህና ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ። አልታሰርኩም፣ ማንም አልመታኝም፣ ከሰዎቹ ጋር ሰላም ነን። አሁን ጣሪያ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነው የማናግርሽ፤ የምትሰሚው ነፋስ ነው። ያን ቀን ድምፄ የተለወጠው ጥርሴ አብጦ ነው፣ ሰዎቹም ተኝተው ስለነበር ነው። ታክሜያለሁ፣ ተሽሎኛል።

እማ፣ ለቆርቆሮው ያልሽኝን 40 ሺህ በዚህ ወር አልችልም። የወሩን ልኬያለሁ፤ እሱ አይቀርም፣ ወደፊትም አይቀርም። ጭማሪው ነው ያቃተኝ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ደመወዜ የመጣሁ ጊዜ 1000 ሪያል ነበር፣ ዛሬም 1000 ነው። አልጨመሩልኝም እማ። አንቺ ጋ ብሩ የበዛው ሪያል ስለተወደደ ነው። እኔ የምልክልሽ ያችኑ 600 ነው። የወሩን ደመወዜን አንዲት ሳልነካ ብልክልሽ እንኳ 33 ሺህ ነው የሚሆነው። የጠየቅሽኝ ከእሱ ይበልጣል። ወላሂ ደብቄሽ አይደለም። በዚህ ወር ደግሞ ለጥርሴ 280 ሪያል ከፍያለሁ።

አናጢው 15 ሺህ ይበቃል ብሏል። ያልተመታውን ቆርቆሮ ለነጋዴው መልሱለት። የ15 ሺውን ዕዳ የእኔ አድርጊው። ከኢድ በኋላ፣ የሚያዝያ ደመወዝ ስቀበል፣ ለቆርቆሮ ብዬ 150 ሪያል ለብቻው እጨምራለሁ፤ 5 ሺህ ብር ገደማ ነው። ለሦስት ወር እንዲሁ አደርጋለሁ። ክረምቱ ሳይከብድ ይዘጋል ኢንሻአላህ።

እማዬ፣ ሰው ስለ እኔ ቢጠይቅሽ ደህና ናት በይ። አንቺም አትጨነቂ፣ አብሽሪ። ዱአሽ አይለየኝ።»

ለትልቁ ወንድም የተጻፈው አጭር ነበር፦ «ወንድሜ፣ የዚህ ወር ሒሳብ፦ ደመወዝ 1000። ለቤት 600፣ ለጥርስ 280፣ ለካርድና ለሳሙና 70፣ ለፓስፖርት 50። ከሚያዝያ ጀምሮ ለቆርቆሮ በወር 150 እጨምራለሁ።»

ምን ሠራ

እናት ድምፁን ጓዳ ውስጥ ሰሙት። ተማሪው እንደነገረኝ «ደህና ነኝ» የሚለው ላይ ሲደርስ «አስቁመው» ብለው ካለቀሱ በኋላ የቀረውን ተረጋግተው ሰሙ። ቅድሚያ ደኅንነቷን መናገሯ ሥራውን የሠራው እዚያ ላይ ነው። የፈራች እናት ሒሳብ አትሰማም። በመጀመሪያው መልእክት ልጅቷ ስለ ራሷ የተናገረችው «ሁኔታው ጥሩ አይደለም» ብቻ ነበር። ያን ክፍተት እናት በእስር ሞሉት፣ ወንድም በድብቅ ሞላው፣ ጎረቤት በትዳር ሞላችው።

የ33 ሺው ንጽጽርም ሠርቷል። እናት ስለ ምንዛሬ ተብራርቶላቸው ቢሆን የሚይዙት አይመስለኝም። «ደመወዟ በሙሉ ቢላክ የቆርቆሮውን አይሞላም» የሚለውን ግን ወዲያው ያዙት። ለአናጢውም፣ ለነጋዴውም፣ ለአክስቷም ሲናገሩ የደገሙት ይህንኑ ነው።

ነጋዴው ያልተመታውን ቆርቆሮ መልሶ ተቀበለ። ደግነቱ እንዳለ ሆኖ ጉዳትም አልነበረበትም፤ የቆርቆሮ ዋጋ እየጨመረ ስለነበር የተመለሰለትን በተሻለ ዋጋ መሸጥ ይችላል። የ15 ሺውን ለሦስት ጊዜ መክፈያ ሲስማማ ተማሪው ቀኖቹን ደብተር ላይ ጻፈ።

የሚያዝያው 150 ሪያል በሰዓቱ ደረሰ። የግንቦቱ ዘገየ፤ አሠሪዎቿ ደመወዙን አሳለፉባት። ግን ቀኑ ሳያልፍ ቀድማ «ደመወዝ ስላልተሰጠኝ የዚህ ወር ይዘገያል፤ ሲሰጠኝ እልካለሁ» የሚል አጭር ድምፅ ላከች። በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ ማንም አልደነገጠም። ተማሪው ሐይቅ ሄዶ ለነጋዴው ነገረው። የሰኔው ሲገባ ዕዳው ተዘጋ። ሪያሉ በመካከሉ ትንሽ ስለተወደደ 150ው ከ5 ሺህ ከፍ ብሎ ነበር፤ ትርፉ ለአናጢው ሚስማርና የእጅ ዋጋ ሆነ።

ምን አልሠራም

ለወንድም የተላከው ዝርዝር የታሰበውን አላመጣም። ወንድም ቁጥሮቹን አይቶ ማግስቱን ጻፈላት፦ «ጥርስሽ ድኗል። በሚቀጥለው ወር 280ው ይቀርልሻል። ለምን 150 ብቻ?» በሒሳብ ደረጃ ትክክል ነው። በጽሑፉ ላይ ፓስፖርቱ በ50 ሪያል፣ መጨረሻ ላይ ስለተጻፈ የተራረፈ ነገር መሰለው።

እውነቱ ሌላ ነው። ፓስፖርቱ ቀን አለው። ካለፈበት የመኖሪያ ወረቀቷ እድሳትም፣ ወደ አገር መግባትም ይሰናከላል። ለክፍያው፣ ለፎቶውና ለታክሲው በጠቅላላ 500 ሪያል ገደማ እንደሚያስፈልጋት ገምታለች። ከሚያዝያ ጀምሮ በወር 180 ካስቀመጠች በሰኔ መጨረሻ ይሞላል። ለቆርቆሮ 150፣ ለፓስፖርት 180፣ ለካርድና ለሳሙና 70፤ 400ው አለቀ። ይህን መጀመሪያውኑ «የፓስፖርት ዕዳ 500፣ የሚያልቅበት ወር ይህ» ብላ ከቤቱ 600 ቀጥሎ ጽፋው ቢሆን ለድርድር አይቀርብም ነበር። ኋላ ስትነግረው ወንድም ተቀበለ፣ ግን ቅሬታው ቶሎ አልወጣም። «የውልሽን ፎቶ ላኪ» እስከ ማለት ደርሶ ነበር። እሷ ላከችለት። ይህ እንዳስከፋት እስከ ዛሬ ትነግረኛለች፤ ብትከፋም እፈርድላታለሁ።

ሁለተኛው ያልሠራው ምስጢሩ ነው። ድምፁ ጓዳ ውስጥ ቢሰማም እናት ደስታቸውን መቻል አልቻሉም። ልጃቸው ደህና መሆኗን ሲናገሩ 1000 ሪያሉንም ነገሩ። በሳምንቱ አንድ ዘመድ 10 ሺህ ብር ብድር በእናት በኩል ጠየቀ። 1000 ሪያል 33 ሺህ ብር ነው፤ 600ው ቤት እንደሚገባ ዘመድ አይቆጥርም። እናት «የቆርቆሮ ዕዳ አለባት» ብለው መለሱት። ዕዳው በግልጽ የተነገረና ነጋዴውም የሚያውቀው መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀማቸው።

የጎረቤቷ ልጅ ንጽጽርም አልጠፋም። ያቺ ልጅ እንዴት እንደምትሠራ እኛ ለሰፈር ልንናገርባት አንችልም፤ ለእሷም አደጋ ነው። ልጅቷ ለእናቷ ብቻ «እኔ በውል ነኝ፣ እሷ በሌላ መንገድ ናት፤ የእኔ ያነሰው ለዚህ ነው፣ ግን ወረቀቴ ንጹሕ ነው» አለቻቸው። እናት ገብቷቸዋል። ወንድም ግን እስከ አሁን ያነሳዋል።

ለሌሎች የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ በኋላ በሥልጠናው የገንዘብ ሰዓት ላይ የለወጥኩት ነገር አለ። ሴቶቹ ከመሄዳቸው በፊት ከእናታቸው ወይም ብሩን ከሚቀበለው ሰው ጋር ቁጭ ብለው ደመወዙን በሪያል እንዲያውቁት አደርጋለሁ። የሚላከውም በሪያል ይነገራል። ብሩ ሲጨምር «ሪያሉ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ የለመደ ቤተሰብ ምንዛሬን ከደመወዝ አይቀላቅልም። ምንዛሬ በተንቀሳቀሰበት ወር ደግሞ ላኪዋ ሳትጠየቅ ማስታወቅ አለባት። የዚህች ልጅ እናት «ደመወዝ ተጨመረላት» ብለው በተደሰቱበት ጊዜ ልጅቷ አንድ ድምፅ ብትልክ ኖሮ ቆርቆሮው በዱቤ አይወሰድም ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን ስል እሷን መውቀሴ አይደለም፤ እናቷን ደስታ መንፈግ ከብዷት ነው።

መልእክቱ ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉን እንይዛለን። ደኅንነት ይቀድማል፣ በግልጽ ቃል፤ «አልታሰርኩም» እስከ ማለት። ከዚያ መልሱ ይነገራል፦ ምን አልችልም፣ ምን ግን አይቋረጥም። በዚህ ጉዳይ እናት የወሩ 600 የሚቀር መስሏቸውም ነበር፤ «ጭማሪው ነው ያቃተኝ» የሚለው ነው ያሳረፋቸው። ምክንያቱ የሚመጣው ቀጥሎ ነው፣ በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ብቻ። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ተስፋ ቀንና መጠን ያለው መሆን አለበት። «ሌላ ጊዜ» የሚል ቃል ቀን የለውም፤ ቀን የሌለውን ቃል ነጋዴ አይቀበልም፣ እናትም ለነጋዴ ልትናገረው አትችልም።

ለራሷ የምታስቀምጠውን «የቀረኝ» ብላ እንዳትጠራውም እመክራለሁ። ፓስፖርት፣ ሕክምና፣ ስትመለስ የምትቆምበት ቁጠባ፣ እያንዳንዱ ስምና ቀን ኖሮት ከቤት ወጪ ጎን ይጻፍ። ለቤተሰብ ዝርዝር መላክ ግዴታ ነው አልልም። ከተላከ ግን በተራረፈ መልክ አይላክ።

ጥያቄውን መልሶ መጠየቅም ይቻላል። እዚህ 40 ሺው ወደ 15 ሺህ የወረደው አናጢ ጣሪያው ላይ ስለወጣ ነው። ለሠርግ፣ ለበሬ፣ ለቀብር በሚጠየቅ ብር ይህ ሁልጊዜ አይሠራም። የለቅሶ ጥያቄ ላይ «ስንቱ ይበቃል?» ማለት ያስከፋል፤ ያንን የሰፈሩ የለቅሶ ማኅበር ቅሬው ቢሸከመው ይሻላል። ቤት፣ ጣሪያ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ በመሳሰሉት ላይ ግን ባለሙያ ሳያይ ቁጥር መቀበል አያስፈልግም።

አንድ ወሰን አለ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ደመወዟን ለምትቀበል ሴት ነው። ጥቂት ቀን መዘግየት አንድ ነገር ነው፤ አሠሪዋ ወራት አከታትሎ ደመወዝ የከለከላት ከሆነ ጉዳዩ የመልእክት ጉዳይ አይደለም። ያን ጊዜ ለእናት የሚነገረው «ደመወዝ አልተከፈለኝም፣ እየተከታተልኩ ነው» የሚለው ብቻ ነው። የውሉና የኢቃማዋ ፎቶ፣ ያልተከፈለባቸው ወራት ዝርዝርም ወደ ላካት ኤጀንሲ፣ እንዲሁም ሪያድ ወዳለው ኤምባሲ ወይም ጅዳ ወዳለው ቆንስላ ይሄዳል። የእነዚህን ፎቶዎች ቅጂ ከመሄዷ በፊት ቤት የሚቀር አንድ ሰው እንዲይዝ አደርጋለሁ፤ በዚህች ልጅ ቤት የያዘው ተማሪው ወንድሟ ነው።